ስልኩ ያሳያል፣ ቴሌቪዥኑ ይቆማል

ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። አንድ ምሽት በራችንን አንኳኩተው፣ «ልጄ፣ ይሄ ቴሌቪዥን አበሳዬን አሳየኝ» አሉኝ። «የልጅ ልጄ በስልኩ ኳስ ያያል። እናቱ በላፕቶፕ ስብሰባ ትገባለች። የኔው ግን ሁለት ደቂቃ አሳይቶ ያችን ክብ ማሽከርከር ነው። ኢንተርኔቱ አንድ፣ ቤቱ አንድ፣ ታዲያ ምን ሆኖ ነው?»

ኔትወርክ እየዘረጋሁ የምተዳደር ሰው ስለሆንኩ ይህን ጥያቄ ብዙ ቤት ሰምቼዋለሁ። መልሱም በየቤቱ አንድ አይደለም። እሳቸው ቤት ስገባ ግን የልጅ ልጃቸው አስቀድሞ ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሷል። «ችግሩ ዲኤንኤስ ነው» ብሎ የቴሌቪዥኑን ቅንብር ከፍቶ 8.8.8.8 አስገብቷል፤ አልተሻለውም። አጎቱ ደግሞ የሲግናል ማጉያ እንዲገዛ መክሯል። አንድ የሱቅ ሰው በበኩሉ የቴሌቪዥኑ የዋይፋይ አዳፕተር ሞቷል ብሎ ሌላ ቴሌቪዥን ሊሸጥላቸው አስቧል። ሦስቱም ሊሆኑ የሚችሉ ምክንያቶች ናቸው። ነገር ግን እያንዳንዱ የራሱ ምልክት አለው፤ ምልክቱን ያየ ሰው ገንዘብ ሳያወጣ ሊለያቸው ይችላል።

መጀመሪያ ክቧ ለምን እንደምትሽከረከር እንይ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የኖረ ሰው ሮቶን ያውቃል። ውሃው ከመስመሩ ሲመጣ ሮቶው ይሞላል፤ ቤተሰቡ የሚቀዳው ከሮቶው ነው። መስመሩ ለአፍታ ቢቋረጥ እንኳ ሮቶው ውስጥ ያለው እስኪያልቅ ድረስ ቧንቧው ይፈሳል። ቴሌቪዥኑም እንዲሁ ነው። ቪዲዮውን ከኢንተርኔት በቀጥታ አያሳይም። ጥቂት ሰከንዶች ቀደም ብሎ እያመጣ በማጠራቀሚያው ያስቀምጣል፣ የሚያሳየን ከማጠራቀሚያው ነው። የሚገባው ከሚወጣው ካነሰ ማጠራቀሚያው ባዶ ይሆናል፤ ምስሉ ቆሞ ክቧ ትመጣለች። ባፈሪንግ የሚባለው ይህ ነው።

መምህሩ ስሌት ስለሚወዱ ወረቀት አውጥተን አሰላነው። ባለ 1080 ጥራት ቪዲዮ በሰከንድ ወደ 5 ሜጋቢት ይፈልጋል። ቴሌቪዥኑ ጋ የሚደርሰው 2.5 ቢሆን፣ በየሰከንዱ የሚገባው የግማሽ ሰከንድ ፊልም ብቻ ነው። የ60 ሰከንድ ፊልም ተጠራቅሞ ቢጀመር በ120 ሰከንድ ያልቃል። «ሁለት ደቂቃ ያልኩት ለካ በትክክል ነው!» አሉ ደስ ብሏቸው። የቀጥታ ስርጭት ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ጨዋታው ገና እየተካሄደ ስለሆነ ቀድሞ የሚጠራቀም ብዙ ነገር የለም፤ ስለዚህ ፊልም በደህና የሚያሳይ ቤት ኳስ ሲሆን ይቆራረጣል።

ስልኩስ ለምን አይቆምም? እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ፤ ስልኩ የሚጠይቀው ትንሽ ነው። ስክሪኑ ትንሽ ስለሆነ መተግበሪያው ዝቅ ያለ ጥራት ይመርጥለታል፤ ባለ 480 ጥራት ቪዲዮ ከ1 ሜጋቢት ብዙም አይበልጥም። ትልቁ ቴሌቪዥን ግን 1080 ወይም 4ኬ ይጠይቃል። ኔትፍሊክስ ለ4ኬ 15 ሜጋቢት እንዲኖር ይመክራል፣ ዩቲዩብ ደግሞ 20። ስለዚህ «ስልኩ ይሠራል» ማለት «ኢንተርኔቱ ለቴሌቪዥኑም ይበቃል» ማለት አይደለም። ሌላም አለ፤ ዋይፋዩ ሲደክም ብዙ ስልክ ሳይነግረን ወደ ሞባይል ዳታ ይሻገራል። መፈተሽ ስንፈልግ የስልኩን ዳታ አስቀድመን እናጥፋ። አለበለዚያ የምንለካው የሌላ መስመር ፍጥነት ይሆናል።

የመምህሩን ቤት አቀማመጥ ልንገራችሁ፤ ግማሹ መልስ እዚያ ውስጥ ነው። ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ነው። ፋይበሩ የገባው በኮሪደሩ መጨረሻ ባለችው ትንሽ ክፍል በኩል ስለሆነ ራውተሩም እዚያው ተሰቅሏል። ቴሌቪዥኑ ያለው ሳሎኑ ወዲያኛው ግድግዳ ላይ ነው። በመካከላቸው አሥር ሜትር ያህል ርቀት፣ ሁለት የብሎኬት ግድግዳ፣ አንድ የኮንክሪት ምሰሶና ማቀዝቀዣው አሉ። ቴሌቪዥኑ 43 ኢንች ሲሆን ከተገዛ ዓመታት አልፈውታል። ሲያዩት ከግድግዳው ጋር የተጣበቀ ነው። የኢንተርኔት ጥቅላቸው 20 ሜጋቢት ነው።

ከሁሉ በፊት የጠየቅኳቸው ጥያቄ መቼ እንደሚቆም ነው። መተግበሪያው ሲከፈት ነው ወይስ ፊልሙ ከጀመረ በኋላ? «መክፈቱን ቶሎ ይከፍታል። ሥዕሎቹም ቶሎ ይደረደራሉ። የሚያስቸግረኝ ከመሐል ነው፤ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ደህና ነው፣ ማታ ነው የሚብሰው» አሉኝ። ይህን ስሰማ ዲኤንኤስን ከተጠርጣሪዎቹ መጨረሻ ላይ አስቀመጥኩት። ምክንያቱን በደንብ ላስረዳ፤ ዲኤንኤስ ከሌሎቹ ሁሉ በላይ የሚወቀስ፣ ብዙ ጊዜም ንጹሕ ሆኖ የሚገኝ ስለሆነ ነው።

ዲኤንኤስ በ1983 ፖል ሞካፔትሪስ የነደፈው የአድራሻ መጠየቂያ ሥርዓት ነው። ኮምፒውተሮች የሚገናኙት በቁጥር አድራሻ ነው፤ እኛ የምናውቀው ደግሞ ስም ነው። ዲኤንኤስ ስሙን ተቀብሎ ቁጥሩን ይመልሳል። የውሃ ቦቴ ያዘዝን እንበል። ሾፌሩ ደውሎ «ቤቱ የት ነው?» ይላል፣ «ከመድኃኒት ቤቱ አጠገብ ባለው ቅያስ ግባ» እንለዋለን። አቅጣጫውን የነገርነው ሰው ቢዘገይ ቦቴው ዘግይቶ ይነሳል። ከተነሳ በኋላ ግን የውሃው ፍሰት ከዚያ ስልክ ጋር ምንም አያገናኘውም። ዲኤንኤስም ቪዲዮውን አይሸከምም። አንዴ ይጠየቃል፣ መልሱም ለደቂቃዎች ወይም ለሰዓታት ተቀምጦ ያገለግላል።

ስለዚህ የዲኤንኤስ ሕመም መጀመሪያው ላይ ይታያል። መተግበሪያው ለመክፈት ረጅም ጊዜ ይወስዳል። የፊልሞቹ ሥዕሎች አንድ በአንድ እየተንጠባጠቡ ይመጣሉ። ኢንተርኔት እያለ «መገናኘት አልተቻለም» የሚል ጽሑፍ ይወጣል። አንዱ መተግበሪያ ጭራሽ እምቢ ሲል ሌላው በሰላም ይሠራል። ፊልሙ አንዴ ከጀመረ ግን ሳይቆም እስከ መጨረሻው ይሄዳል። እንዲህ ያለ ቤት ካጋጠማችሁ ዲኤንኤሱን መቀየር ተገቢ ነው። ጉግል በ2009 የከፈተው 8.8.8.8 ወይም ክላውድፍሌር በ2018 የከፈተው 1.1.1.1 በነፃ ያገለግላሉ።

ለእውነት ሲባል አንድ የተለየ ሁኔታ ልጨምር። ትልልቅ የቪዲዮ አገልግሎቶች ፊልሙን በብዙ አገር ባሉ ማሽኖች ላይ ያስቀምጣሉ። አንዳንዶቹ የትኛው ማሽን እንዲያስተናግደን የሚወስኑት የጠየቅንበት ዲኤንኤስ የት እንዳለ አይተው ነው። ዲኤንኤሱ ሩቅ አገር ከሆነ ቪዲዮውም ከሩቅ ሊመጣ ይችላል። በዚህ መንገድ የዲኤንኤስ ምርጫ የፊልሙን ፍሰት ጭምር ሊነካ ይችላል፤ አንዳንዴ 8.8.8.8 ወይም 1.1.1.1 ማስገባት ነገሩን ከማሻሻል ይልቅ የሚያበላሸውም ለዚህ ነው። ዩቲዩብና ኔትፍሊክስ ግን እንዲህ አይሠሩም። የትኛው ማሽን ቪዲዮውን እንደሚልክ መተግበሪያው ራሱ ከአገልግሎቱ ይነገረዋል። መምህሩ የሚያዩት ዩቲዩብ ስለነበረ ይህ በር ለእሳቸው ዝግ ነው።

የልጅ ልጃቸውን ቅንብር ሳየው ደግሞ ሌላ ስጋት አገኘሁ። በብዙ ቴሌቪዥን ላይ ዲኤንኤስ በእጅ ለማስገባት የቴሌቪዥኑንም አድራሻ በእጅ ማስገባት ያስፈልጋል። ልጁ 192.168.1.5 ብሎ ጽፏል። ራውተሩ ግን ይህን አያውቅም፤ ያው ቁጥር ነፃ መስሎት ሲመሽ እንግዳ ለሚገባ ስልክ ሊሰጠው ይችላል። ሁለት ዕቃዎች አንድ አድራሻ ሲይዙ አንዱ ይገባል፣ ሌላው ይወጣል፣ ምስሉም ያለ ምክንያት ይቆራረጣል። ችግሩን ለመፍታት የተደረገው ነገር ሌላ ችግር ወለደ ማለት ነው። ስለዚህ ዲኤንኤስ የሚቀይር ሰው ቅንብሩ ላይ አድራሻው በራሱ እንዲመጣ ትቶ ዲኤንኤሱን ብቻ የሚቀይርበት መንገድ ካለ እሱን ይምረጥ። ከሌለ ደግሞ ራውተሩ ላይ ይቀይረው። መምህሩ ቤት ሁሉንም ወደ ቀድሞው መለስኩት። ከዚያ በኋላ ነው መለካት የጀመርነው።

መለኪያው ቴሌቪዥኑ ራሱ ውስጥ አለ። ዩቲዩብ ላይ ቪዲዮ እየታየ ቅንብሩን ከፍታችሁ `Stats for nerds` የሚለውን ብትጫኑ በስክሪኑ ጥግ ትንሽ ሰሌዳ ይወጣል። ሁለት መስመር ብቻ ተመልከቱ። `Connection Speed` ወደ ቴሌቪዥኑ የሚገባውን ፍጥነት ይናገራል፤ `Buffer Health` ደግሞ ሮቶው ውስጥ ስንት ሰከንድ ፊልም እንደቀረ ያሳያል። የሰከንዱ ቁጥር እየወረደ እየወረደ ዜሮ ሲደርስ ክቧ ስትመጣ ታያላችሁ። መምህሩ ይህን ሰሌዳ ሲያዩ ፊልሙን ረስተው ቁጥሩን መከታተል ያዙ።

በዚያ ምሽት ሁለት ሰዓት ላይ ቴሌቪዥኑ ጋ የሚገባው 2.5 ሜጋቢት አካባቢ ነበር። ጥራቱ ደግሞ በልጁ እጅ 1080 ላይ ተቆልፏል። ቁልፉን ፈትተን መተግበሪያው ራሱ እንዲመርጥ ስናደርገው መቆሙ ቀረ፤ ምስሉ ግን ደበዘዘ። አንዳንድ ሰው እዚህ ላይ ተፈወሰ ብሎ ይሄዳል። አልተፈወሰም፤ ሮቶው እንዳያልቅ ቤተሰቡ ትንሽ ትንሽ እንዲቀዳ ነው የተደረገው። ከ20 ሜጋቢት ውስጥ 2.5 ብቻ ለምን እንደደረሰ ገና አልታወቀም።

ቀጥሎ ስልኬን አወጣሁ። ዳታውን አጥፍቼ ሶፋው ላይ ሆኜ fast.com ላይ ስለካ 18 ሜጋቢት አሳየኝ። ይህ ቁጥር ደስ ይላል እንጂ ስለ ቴሌቪዥኑ ምንም አይነግረንም። ስልኬ የተያያዘው በ5 ጊጋኸርዝ ነው፤ ይህ ቴሌቪዥን ግን ከ2.4 ጊጋኸርዝ ሌላ አያውቅም። ሁለቱ የአንድ ራውተር ሁለት የተለያዩ መንገዶች ናቸው። 5 ጊጋኸርዝ ሰፊና ፈጣን ነው፣ ግድግዳ ግን ቶሎ ያደክመዋል። 2.4 ግድግዳን የተሻለ ያልፋል፣ ነገር ግን ጠባብ ነው፤ እርስ በርስ የማይነካኩ መስመሮቹ 1፣ 6 እና 11 የሚባሉት ሦስቱ ብቻ ናቸው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከላይ፣ ከታችና ከጎን ያሉት ቤቶች ሁሉ እነዚህን ሦስቱን ይሻማሉ። ሰው ከሥራ ሲመለስ መንገዱ ይጨናነቃል። ጠዋት ደህና የነበረው ማታ የሚቆመው በዚህ ነው። (ማታ የሁሉም ዕቃ ፍጥነት አብሮ የሚወርድ ቢሆን ኖሮ ጥርጣሬው ወደ ውጭው መስመር ይሄድ ነበር። እዚህ ግን ስልኩ ማታም 18 አለው።)

ስለዚህ ፍርዱ እኩል እንዲሆን ስልኬን በ2.4 ስም አስገብቼ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ፣ ግድግዳው ጥግ ያዝኩት። 7 ሜጋቢት ሆነ። ከ18 ወደ 7 የወረደው የሲግናሉና የመንገዱ መጨናነቅ ድርሻ ነው። ግን በዚያው ቦታ፣ በዚያው መንገድ ስልኩ 7 ሲያገኝ ቴሌቪዥኑ 2.5 ብቻ ያገኛል። ይህ ልዩነት የሲግናል ብቻ ሊሆን አይችልም። አዳፕተሩ መጠርጠር ያለበት እዚህ ላይ ነው።

አዳፕተር ሲባል የሶኬት መቀየሪያው ወይም የመብራት ትራንስፎርመሩ የሚታየው ሰው ሊኖር ይችላል። እዚህ የምንለው በቴሌቪዥኑ ሆድ ውስጥ ያለችውን፣ የዋይፋይ ካርድ የምትባለውን ትንሽ ሰሌዳ ነው። ርካሽ በሆኑ ቴሌቪዥኖች ላይ ይህች ሰሌዳ ብዙ ጊዜ አንድ አንቴና ብቻ አላት። 2.4 ላይ አንድ አንቴና ያለው አዳፕተር በወረቀት ላይ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው 72 ሜጋቢት ነው፤ በእውነተኛ ቤት ደግሞ ከዚያ ግማሹንም ቢያገኝ ዕድለኛ ነው። ዛሬ የምንይዘው ስልክ በአብዛኛው ሁለት አንቴና አለው፣ በእጅ ስንይዘውም ከብረትና ከግድግዳ ራቅ ይላል። የቴሌቪዥኑ አንቴና ግን የተቀመጠው ከጀርባው ነው፤ ከፊቱ የስክሪኑ ብረት፣ ከኋላው ግድግዳ አለ። ራውተሩ በስክሪኑ ፊት ለፊት በኩል ካለ ሲግናሉ የቴሌቪዥኑን ብረት ማለፍ ወይም ዞሮ መምጣት አለበት።

ሲግናልን ከአዳፕተር ለመለየት የማውቀው ታማኝ መንገድ ርቀቱን ማጥፋት ነው። ራውተሩን ወደ ቴሌቪዥኑ ማምጣት ይቻል ነበር፤ ግን የፋይበሩ ክር መታጠፍ አይወድም፣ ከተሰበረም ሳምንት ያለ ኢንተርኔት ያስቀምጣል። ስለዚህ ቴሌቪዥኑን ለሁለት ተሸክመን ትንሿ ክፍል ወስደን ከራውተሩ ሁለት ሜትር ላይ አቆምነው። የሚጠበቀው እንዲህ ነው፤ ችግሩ የሲግናል ድክመት ብቻ ከሆነ ቴሌቪዥኑ እዚህ ከስልኩ ጋር ይስተካከላል። አዳፕተሩ የታመመ ከሆነ ግን አጠገቡም ሆኖ እንደደከመ ይቀራል።

ስልኩ በ2.4 እዚያ 17 አገኘ። ቴሌቪዥኑ 12 አገኘ። መምህሩ ቁጥሮቹን ጽፈው ጥቂት ካዩአቸው በኋላ፣ «እንግዲህ ጥፋቱ የሁለቱም ነው፣ ግን እኩል አይደለም» አሉ። ትክክል ነው። ከ2.5 ወደ 12 ያነሳው መቅረቡ ብቻ ስለሆነ ትልቁ ድርሻ የሲግናሉ ነው። ከ17 ያነሰው 5 የአዳፕተሩ ድክመት ነው። አዳፕተሩ አልሞተም፤ ጆሮው ግን ደካማ ነው። ደካማ ጆሮ ያለው ሰው አጠገቡ ሲነገረው ይሰማል፣ ከሌላ ክፍል ሲጠሩት ነው የማይሰማው። በመካከለኛ ርቀት ስልኩን የማያስቸግረው የሲግናል መውረድ ቴሌቪዥኑን የሚጥለውም በዚህ ምክንያት ነው።

የራውተሩን ገጽ መክፈት የሚችል ሰው ይህንኑ በቁጥር ሊያየው ይችላል። የተያያዙት ዕቃዎች ዝርዝር ላይ ብዙ ራውተር የሲግናሉን ጉልበት በዲቢኤም ይጽፋል። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ስለሆነ ግር እንዳይላችሁ፤ ለዜሮ የቀረበው ይበልጣል። ‑60 ደህና ነው፣ ‑70 ጠርዝ ላይ ነው፣ ‑80 ላይ ቪዲዮ መጠበቅ አይገባም። ቁጥሩ በ3 በወረደ ቁጥር ጉልበቱ በግማሽ ይቀንሳል። የመምህሩ ቴሌቪዥን ሳሎን ሲመለስ ‑79 ነበረ። ገጹ ይህን ካላሳየ በኬብል ከራውተሩ ጋር ከተያያዘ የዊንዶውስ ላፕቶፕ ላይ ቴሌቪዥኑን መቶ ጊዜ መጥራት ይቻላል። አድራሻው በቴሌቪዥኑ የኔትወርክ ቅንብር ላይ ተጽፏል፤ እሳቸው ቤት በዚያ ምሽት እንዲህ ነበር፦

```
ping -n 100 192.168.1.23
```

ጤነኛ ዋይፋይ ላይ መልሶቹ በጥቂት ሚሊሰከንድ ይመለሳሉ፣ የሚጠፋም የለም ማለት ይቻላል። እኛ ያየነው ግን አንዱ 6፣ ቀጣዩ 240፣ ከዚያ 90 ሲሆን ከመቶው 8 ጭራሽ አልተመለሱም። የጠፋው ሁሉ እንደገና ይላካል፤ ያ ነው መንገዱን የሚበላው። ልብ በሉ፣ ይህ ጥሪ ወደ ውጭ አይወጣም። ከራውተሩ እስከ ቴሌቪዥኑ ብቻ ነው የሚሄደው፤ ዲኤንኤስም አይነካውም። ስለዚህ እዚህ የሚታይ ጉድለት የቤቱ የውስጥ ጉድለት ነው። አንዳንድ ቴሌቪዥን ለዚህ ጥሪ መልስ እንዳይሰጥ ተደርጎ ስለሚሠራ፣ ሁሉም ቢጠፋ ደግሞ አትደንግጡ።

ልጁ ዲኤንኤስን በነፃ ማሰናበቴ አላሳመነውም ነበር። «እንሞክረው» አልኩት፤ መብቱ ነው። በዚያው ሳሎን፣ በዚያው ሰዓት፣ ሌላ ምንም ሳንነካ ራውተሩ ላይ ዲኤንኤሱን 8.8.8.8 አደረግን፣ ቴሌቪዥኑንም አጥፍተን አበራነው። ዩቲዩብ ሲከፈት ምናልባት በአንድ ሰከንድ ፈጥኗል። `Connection Speed` ግን ያው 2.5 አካባቢ ነው። ወደ ድሮው መለስነው፤ አሁንም ያው። ልጁ ራሱ «እሺ፣ እሱ አይደለም» አለ። አንድ ነገር ብቻ ቀይሮ መለካት፣ ከዚያ መልሶ መለካት ያለው ጥቅም ይህ ነው። ሦስቱን በአንድ ምሽት የቀየረ ሰው ቢሻለው እንኳ የትኛው እንዳሻለው አያውቅም።

መድኃኒቱን ከማዘዜ በፊት አንድ የመጨረሻ ምርመራ ቀረኝ። ከቦርሳዬ 15 ሜትር የኔትወርክ ኬብል አውጥቼ ከራውተሩ እስከ ቴሌቪዥኑ መሬት ላይ ዘረጋሁት። ዋይፋዩን አጠፋነው። ሰሌዳው 19 አሳየ፤ `Buffer Health` ወደ ላይ ወጥቶ እዚያው ቀረ። ኬብል ሲገባ ሲግናሉም፣ የጎረቤት ሽሚያውም፣ የዋይፋይ አዳፕተሩም አንድ ላይ ከመንገድ ይወጣሉ። በኬብልም ቢቆም ኖሮ ጥፋቱን ከቴሌቪዥኑ መተግበሪያ፣ ከሞላው ማኅደረ ትውስታ ወይም ከዲኤንኤስና ከውጭው መስመር እንፈልግ ነበር።

ስለ ቴሌቪዥኑ የኬብል ቀዳዳ የሚነሳ አንድ ቅሬታ አለ። አብዛኞቹ ቴሌቪዥኖች፣ ውድ የሆኑትም ጭምር፣ የሚይዙት ባለ 100 ሜጋቢት ቀዳዳ ነው፤ በተግባር ከ94 ገደማ አያልፍም። ይህን አይቶ «ዋይፋዩ ይበልጣል» የሚል አለ። ጥሩ አዳፕተር ባለው ቴሌቪዥን፣ ራውተሩ አጠገብ ከሆነ እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ከፍተኛው የዩቲዩብ 4ኬ ምክር 20 ስለሆነ 94 ከአራት እጥፍ በላይ ነው። ሳይዋዥቅ የሚገባ 94 ከሚዋዥቅ 200 ይሻላል፤ ሮቶውን የሚያደርቀው ጠባብነት ብቻ ሳይሆን መቆራረጥም ነውና።

ኬብል መዘርጋት ለማይችል ሰው ሌሎች መንገዶች አሉ፣ ግን እኩል አይደሉም። ቴሌቪዥኑ 5 ጊጋኸርዝ የሚያውቅ ከሆነና ከራውተሩ የሚለየው አንድ ግድግዳ ብቻ ከሆነ ወደዚያ ማዛወር ብዙ ጊዜ ይበቃል። 2.4 ላይ መቅረት ግድ ከሆነ የራውተሩን መስመር ከ1፣ 6 እና 11 ብዙ ጎረቤት ወደሌለበት መቀየር፣ ራውተሩንም ከማቀዝቀዣ ጀርባና ከብረት መደርደሪያ አውጥቶ ከፍ አድርጎ መስቀል ይረዳል። ቴሌቪዥኑን ከግድግዳው አንድ ስንዝር ማራቅ ብቻ ጥቂት ዲቢኤም የሚመልስበት ጊዜ አለ። ርካሹ ማጉያ ግን ሲግናሉን ከራውተሩ በሚቀበልበት በዚያው ሬዲዮ መልሶ ስለሚልክ ፍጥነቱን ግማሽ ያህል ይበላዋል። ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ከተሰካ ደግሞ ደካማውን ሲግናል ነው የሚደግመው፤ ቦታው ከሁለቱ መካከል፣ ሲግናሉ ገና ጉልበት ባለበት ነው።

በዩኤስቢ የሚሰካ የዋይፋይ አዳፕተር ግዙ የሚባለውን ምክር አልወደውም። ኮምፒውተር ላይ የሚሠራው ዕቃ ቴሌቪዥን ላይ በአብዛኛው አይሠራም፤ ቴሌቪዥኑ ለዚያ ዕቃ የሚሆን ሶፍትዌር በውስጡ ስለሌለው ሰክተውት እንዳልተሰካ ይሆናል። የቴሌቪዥኑን አዳፕተር በእውነት መተካት የሚፈልግ ሰው በኤችዲኤምአይ የሚሰካ የቲቪ ሳጥን ወይም ስቲክ ቢገዛ ይሻለዋል፤ የራሱ አዳፕተር አለው፣ ቴሌቪዥኑም ስክሪን ብቻ ሆኖ ያገለግላል። ስቲክ ከሆነ ግን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ በቀጥታ አትሰኩት። አብሮት በሚመጣው አጭር የኤችዲኤምአይ ማራዘሚያ ከብረቱ አውጡት፤ አለበለዚያ አሮጌው አዳፕተር የነበረበት ጥላ ውስጥ ነው የምትከቱት።

መምህሩ የመረጡት ኬብሉን ነው። በማግስቱ ከግድግዳው ሥር በፕላስቲክ ሽፋን አስገብተን በኮሪደሩ አሳለፍነው። አዲስ ቴሌቪዥን አልተገዛም፣ ማጉያም አልተገዛም፣ ዲኤንኤሱም ቀድሞ እንደነበረው ነው። እናንተም ቤት ቴሌቪዥኑ የሚቆም ከሆነ፣ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ለአንድ ምሽት ረጅም የኔትወርክ ኬብል ተዋሱና መሬት ላይ ዘርግታችሁ ሞክሩት።